ማሽኑ እየሠራ ዋጋው ሲወድቅ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የሲንጋፖር አየር መንገድ የግማሽ ዓመት ሂሳቡን ይፋ ሲያደርግ፣ ከ26 አውሮፕላኖች የመዝገብ ዋጋ ላይ 1.3 ቢሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ገደማ መቀነሱን ገለጸ። ከእነዚህ ውስጥ 7ቱ ባለሁለት ፎቆቹ ኤ380 አውሮፕላኖች ነበሩ። አንዳቸውም አልተከሰከሱም፤ ሞተራቸውም አልነደደም። ኮቪድ መንገደኛውን ቤቱ አስቀምጦት ስለነበር አየር መንገዱ ከዚያ በኋላ በጥቂት አውሮፕላኖች ለመሥራት ወሰነ። የተረፉት አውሮፕላኖች ደግሞ ቢበሩም ቢሸጡም በመዝገብ የተያዙበትን ዋጋ እንደማይመልሱ ታወቀ።

የሂሳብ ባለሙያዎች ይህን ኢምፔርመንት ይሉታል። ከተለመደው የእርጅና ቅናሽ የተለየ ነው። የእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ አስቀድሞ በታወቀ መጠን ይቀነሳል፤ ኢምፔርመንት ግን ድንገት ይመጣል፣ የሚመጣውም አንድ ነገር ሲለወጥ ነው። ደንቡ የሚገኘው በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 36 ነው። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ስለተቀበለች፣ ጉዳዩ የአዲስ አበባንም የሐዋሳንም ፋብሪካ ይመለከታል።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ማተሚያ ቤት ጋዜጣ ብቻ የሚያትም ማሽን በ10 ሚሊዮን ብር ገዛ እንበል። 8 ዓመት እንደሚያገለግል ተገምቶ በየዓመቱ 1.25 ሚሊዮን ብር ይቀነስለታል። አራት ዓመት ሲሞላው የመዝገብ ዋጋው 5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በዚህ መሀል አንባቢው ወደ ስልኩ ዞሯል፣ የወረቀት ዋጋ ንሯል፤ በፊት አምስት ጋዜጦች ይታተሙበት የነበረው ማሽን አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው። ማሽኑ ያለ እንከን ይሠራል፤ ግን በሳምንት ውስጥ ብዙውን ቀን ቆሞ ይውላል።

ማተሚያ ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ እንዲህ ያለ ምልክት መኖር አለመኖሩን የማየት ግዴታ አለበት። ምልክቱ ካለ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው፣ ማሽኑ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? የሚል ነው። ገበያው 3.5 ሚሊዮን ብር ቢሰጥና ለመፍታት፣ ለማጓጓዝና ለደላላ 300 ሺህ ቢወጣ፣ በእጅ የሚቀረው 3.2 ሚሊዮን ነው። ሁለተኛው፣ ሳይሸጥ ቢሠራበትስ? የሚል ነው። በቀሩት አራት ዓመታት ከቀለም፣ ከወረቀት፣ ከደመወዝና ከጥገና ወጪ በኋላ በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ብር ያስገባል እንበል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች ይሳሳታሉ። አራት ጊዜ 1.6 ሚሊዮን 6.4 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከ5 ሚሊዮን ይበልጣልና ኪሳራ የለም ይላሉ። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ የሚገባ ብር ከዛሬው ብር ጋር እኩል አይደለም። ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውሉት የሚያስገኘውና የሥራው ስጋት ታስቦ፣ በዓመት 20 በመቶ መመንዘሪያ ቢወሰድ፣ የመጀመሪያው ዓመት 1.6 ሚሊዮን ዛሬ 1.33 ሚሊዮን ብቻ ያወጣል። የአራተኛው ዓመት ደግሞ ወደ 770 ሺህ ብር ይወርዳል። አራቱ ሲደመሩ 4.14 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ።

ደንቡ ከሁለቱ መልሶች ትልቁን ውሰድ ይላል፤ ምክንያቱም አስተዋይ ባለቤት የሚመርጠው የተሻለውን መንገድ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሊመልሰው የሚችለው ዋጋ 4.14 ሚሊዮን ነው። ከ5 ሚሊዮን የሚጎድለው 860 ሺህ ብር ገደማ በዚያው ዓመት በትርፍና ኪሳራ ሂሳብ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። ከባንክ የወጣ ሳንቲም የለም። ገንዘቡ የወጣው ማሽኑ የተገዛ ዕለት ነው፤ አሁን የተደረገው የማይመለሰውን ክፍል ማመን ነው። ከዚያ በኋላ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ከ1.25 ሚሊዮን ወደ 1.04 ሚሊዮን ገደማ ይወርዳል።

ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ችግሩ የት ነው? ችግሩ ሁለት ቁጥሮች በኃላፊዎች ግምት ላይ መመሥረታቸው ነው። የዓመቱ ገቢ 1.6 ሳይሆን 2 ሚሊዮን ነው ቢባል፣ ውጤቱ 5.18 ሚሊዮን ሆኖ ኪሳራው ይጠፋል። ገቢው እንዳለ ሆኖ መመንዘሪያው ከ20 ወደ 10 በመቶ ቢወርድም ድምሩ 5.07 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ኪሳራው አሁንም የለም። ማሽኑ አልተነካም፣ ጋዜጣውም አልበዛም፤ የተለወጠው ወረቀት ላይ ያለ አንድ ቁጥር ነው። የኢምፔርመንት ሥራ ትልቁ ፈተና ይህ ነው።

ደንቡም ይህን ስለሚያውቅ አጥር አጥሯል። ትንበያው ከኃላፊዎች ምኞት ይልቅ ከውጭ ለሚገኝ ማስረጃ እንዲያደላ ያዛል። ገና ያልተሠራ ማሻሻያ የሚያመጣው ገቢ አይቆጠርም። ያለፉት ትንበያዎች ከተገኘው ውጤት ጋር ተነጻጽረው ልዩነቱ የመጣበት ምክንያት መመርመር አለበት። ጎበዝ ኦዲተርም ቢሮ ተቀምጦ ሠንጠረዥ ብቻ አያይም። ወደ ማተሚያው ክፍል ወርዶ የታተመውን ኮፒ የሚቆጥረውን ቆጣሪ ያነብባል፣ ከትዕዛዝ መዝገቡ ጋር ያስተያያል፣ ከጋዜጦቹ ጋር የተገባው ውል መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቃል። ቆጣሪው የአምናውን እኩሌታ እያሳየ ትንበያው እድገት የሚያወራ ከሆነ፣ አንዱ ልክ አይደለም።

የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። አንዲት የስፌት መኪና ብቻዋን ሸሚዝ ሸጣ ገንዘብ አታመጣም። ስለዚህ የሚመረመረው ራሱን ችሎ ገቢ የሚያስገኘው አነስተኛው ክፍል፣ ምናልባትም ሙሉው የማምረቻ መስመር ወይም ፋብሪካው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ ገበያ ስትወጣ ለዚያ ገበያ ያመርት የነበረ ፋብሪካ ሁሉ ግልጽ ምልክት ነበረው። መኪኖቹ አዲስ ቢሆኑም ገዢያቸው ርቋል።

የተቀነሰው ዋጋ ሊመለስም ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በመውደቁ፣ ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር ሲታሰብ ተወድዷል። በዚህ የተነሳ የማተሚያ ማሽናችን ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሸጥ ከወጪ ቀሪ 2.8 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። በዚያን ጊዜ የመዝገብ ዋጋው 2.07 ሚሊዮን ነው። ይሁንና ወደ 2.8 ሚሊዮን አይዘልም። መነሻው የግዢ ዋጋ እስከሆነ ድረስ ጣሪያው 2.5 ሚሊዮን ነው፤ ኢምፔርመንቱ ባይኖር ኖሮ የእርጅና ቅናሹ ብቻ ያደርሰው የነበረው ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኩባንያዎች ሂሳብ የባለሙያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አክሲዮን ሊገዛ ያሰበ አንባቢ የዓመታዊ ሪፖርቱን የመጀመሪያ ገጾች አይቶ አይተወው። ከኋላ ያሉትን ማብራሪያዎች ይክፈትና ስለ ማሽኖች የተጻፈውን ይፈልግ። ኢምፔርመንት ከተመዘገበ ምን እንዳመጣው፣ ዋጋው በሽያጭ ወይስ በአገልግሎት እንደተሰላ፣ በአገልግሎት ከሆነም መመንዘሪያው ስንት በመቶ እንደነበር እዚያ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ።