ያለፈው ቀን ቁጥር ሲታረም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2020 የብሪታንያ መንግሥት በኮቪድ የሞቱ ሰዎችን ቁጥር ከ46,706 ወደ 41,329 ዝቅ አደረገ። የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው፤ በእንግሊዝ በምርመራ ቫይረሱ ከተገኘባቸው በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት ብቻ እንዲቆጠሩ ተወሰነ። ስለዚህ ያለፉት ቀናት ሁሉ እንደገና መሰላት ነበረባቸው።

ሌላው ችግር የዘገየ ሪፖርት ነው። ሰኞ የሞተ ሰው መረጃ ሐሙስ ሊደርስ ይችላል። ዳሽቦርዱ መረጃው በደረሰበት ቀን ከቆጠረው ሰኞ ጎድሎ፣ ሐሙስ በዝቶ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ቀን ይይዛል፦ ሞቱ የደረሰበትንና ሪፖርቱ የገባበትን። ግራፉ የሚሠራው በመጀመሪያው ነው።

ሲስተሙ በየሌሊቱ የትናንቱን ብቻ ሳይሆን ለምሳሌ ያለፉትን 14 ቀናት ከምንጩ እንደገና ያሰላል። አዲሱን ቁጥር በአሮጌው ላይ አይደምርም፤ ይተካዋል። ከደመረ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ይህም የዳሽቦርዱ ድምር ከምንጩ ሲበልጥ ይታወቃል። የአቆጣጠር ለውጥ ግን ከ14 ቀን አልፎ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሙሉ ስሌት ይጠይቃል።

የቀድሞው ቁጥርም እስከ መቼ ይታይ እንደነበር ተመዝግቦ ይቀመጣል። የቅርብ ቀናት ደግሞ «ገና ያልተሟላ» ተብለው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አለዚያ ተመልካቹ የሪፖርቱን መዘግየት የሞት መቀነስ አድርጎ ይወስደዋል።