ስክሪኑ የሚያሳየውና ሰርቨሩ የሚያምነው ሰዓት

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩም 4:00 እንዲል የሚፈልግ ሰው ቀላል ዘዴ አለው፤ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ሰው ቀጠሮ የሚይዘው በኢትዮጵያ ሰዓት ስለሆነ ፍላጎቱ አይገርምም። ችግሩ ብቅ የሚለው በዚያ ኮምፒውተር ኦንላይን ጌም ሲከፈት ነው። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ጌሙ ግን አያስገባም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልእክት ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ የሚል በመሆኑ ባለቤቱ ሰዓቱን መጠርጠር ትቶ ራውተሩን ሲያጠፋና ሲያበራ ይውላል።

ለኮምፒውተር ሰዓት ማለት አንድ ቆጠራ ነው፦ ከአንድ የተወሰነ ቀን ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት ያለፈው ጊዜ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ቆጠራው በታይም ዞን ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ሰርቨሩ የሚመለከተው ግን ቆጠራውን ብቻ ነው።

ረፋድ አራት ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት 7:00 ነው። ታይም ዞኑ በቦታው ሆኖ ሰዓቱ ወደ 4:00 ከተመለሰ ኮምፒውተሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት 1:00 ላይ ያለ ይመስለዋል። የጌሙ ሰርቨር በበኩሉ ከ7:00 እስከ 8:00 የሚያገለግል የመግቢያ ፈቃድ ይልካል እንበል። በኮምፒውተሩ ሂሳብ ይህ ፈቃድ የሚጀምረው ገና ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን የሚያመሳክር ፕሮግራም አይቀበለውም። በስልክ የሚወጣው ባለስድስት አሃዝ የማረጋገጫ ኮድም አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ስድስት ሰዓት ወደኋላ የተመለሰ ስልክ የሚያወጣው ከ720 ኮድ በፊት የነበረውን ነው።

የመሥሪያ ቤትና የኮሌጅ ኮምፒውተሮችም አያመልጡም። ዊንዶውስን ከድርጅቱ የራሱ ሰርቨር ፈቃድ እየወሰዱ የሚያሠሩ ማሽኖች ከሰርቨሩ ጋር ከአራት ሰዓት በላይ ከተለያዩ ጥያቄያቸው ውድቅ ይሆናል። የእኛ ልዩነት ደግሞ ስድስት ነው።

ለማወቅ እጅግ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ትክክል መስሎ ሲታይ ነው። በዊንዶውስ የታይም ዞን ዝርዝር ውስጥ የአዲስ አበባ ስም የለም፤ ቦታችን የተጻፈው `(UTC+03:00) Nairobi` በሚለው ነው። ይህን ያላገኘ ሰው ዞኑን እንደነበረ፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ፓሲፊክ ትቶ ሰዓቱን በእጁ ያስተካክላል። ስክሪኑ ልክ ይሆናል፣ ቆጠራው ግን እንደ ወቅቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደፊት ይሮጣል። የተመረጠውን ዞን ለማየት፦

```
tzutil /g
```

መልሱ `E. Africa Standard Time` ከሆነ ዞኑ ልክ ነው።

ከሰዓቱ የባሰው የዓመተ ምሕረቱ ስህተት ነው። በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል። የድረ ገጾችና የጌም ሰርቨሮች ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ የአሁኑ ሁሉ ለዚያ ማሽን ገና ያልወጣ ነው። ስድስት ሰዓት የተሳሳተ ኮምፒውተር አብዛኞቹን ድረ ገጾች ይከፍታል። ዓመቱን የሳተው ግን ክሮም ላይ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` ያሳያል። በዚያው ዋይፋይ ስልክ እየከፈተ ኮምፒውተሩ እንቢ ካለ፣ ቀኑን ማየት ይቀድማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በቤት ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ የሰዓት አገልግሎት እንደተጫነ ካልተነካ በራሱ የሚያርመው እስከ 15 ሰዓት ያለውን ልዩነት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለውጡ በዛብኝ ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በእጅ መሙላት፣ ቀጥሎ በአድሚን መብት `w32tm /resync` ማዘዝ ያስፈልጋል።

ስክሪኑ የኢትዮጵያን ሰዓት እንዲያሳየው የሚፈልግ ሰው ቆጠራውን ማበላሸት አይጠበቅበትም። ቀኑና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ትቶ ዞኑን `(UTC-03:00) City of Buenos Aires` ያድርገው። ያኔ ረፋድ አራት ሰዓት 4:00 AM፣ ማታ ሁለት ሰዓት 2:00 PM ሆኖ ይታያል፤ ሰርቨሩ የሚያየው ቆጠራም ንክች አይልም። ጉድለቱ ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው፤ በሌሊት የሚሠራ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

ሰዓቱ ተስተካክሎ በማግሥቱ ተመልሶ የሚሳሳት ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰው አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ አልቃ ሊሆን ይችላል። ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እርሷ ናት፤ ማታ ቆጣሪው የሚወርድበት ጌም ቤት ውስጥ የደከመች ባትሪ ቶሎ ትጋለጣለች። በአብዛኛው ዴስክቶፕ ላይ ዓይነቷ `CR2032` ይባላል፣ ጉልበቷም 3 ቮልት ነው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ፣ የድሮዋ ባትሪ በየት በኩል ዞራ እንደተቀመጠች አይቶ አዲሷን በዚያው መልክ መክተት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ አንዴ ይሞላል።