ሕጉ በአማርኛ፣ ልምምዱ በዕብራይስጥ

በእስራኤል አዲስ ገቢዎች ዕብራይስጥ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ኡልፓን ይባላል። የመጀመሪያው፣ ኡልፓን ኤጽዮን፣ በኢየሩሳሌም የተከፈተው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ክፍሉ ውስጥ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ስለሚቀመጡ መምህራኑ ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ ያስተምራሉ። ጆሮንና አፍን ለማላመድ ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ሰዋስው ላይ ሲደርስ ግን ጀማሪው ሕጉን ለመረዳት ገና ያልተማረውን ቋንቋ ማወቅ ሊኖርበት ነው። ከጎንደር የመጣ ተማሪ «ሕጉን ብቻ በአማርኛ አስረዱኝ» ቢል ልክ ነው እላለሁ።

«ኤት» የምትባለውን ቃል እንውሰድ። «ካራቲ ሴፌር» ማለት «መጽሐፍ አነበብኩ» ነው። መጽሐፉ የታወቀ ሲሆን ግን «ካራቲ ኤት ሃሴፌር» ይባላል። «ሃ» መጽሐፉ የታወቀ መሆኑን ስታመለክት፣ «ኤት» ደግሞ ድርጊቱ ያረፈበት እሱ መሆኑን ትናገራለች። ይህን በዕብራይስጥ ብቻ ለጀማሪ ማስረዳት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በአማርኛ ግን «መጽሐፍ አነበብኩ» እና «መጽሐፉን አነበብኩ» የሚሉትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፤ «ኤት» የእኛን «ን» ሥራ ትሠራለች። ልዩነቱ የእኛዋ ከቃሉ መጨረሻ ስትለጠፍ «ኤት» ከፊት ለብቻዋ መቆሟ ነው። በሰው ስም ላይም እንዲሁ ነው፤ «ዳዊትን አየሁ» ለማለት «ራኢቲ ኤት ዳቪድ» ይባላል።

ይህ መመሳሰል ግን ሁልጊዜ አይገኝም። «አኒ ሞሬ» ማለት «መምህር ነኝ» ነው፤ ቃል በቃል ግን «እኔ መምህር» ብቻ ነው። ተማሪው «ነኝ የቱ ጋ ነው?» ብሎ መፈለጉ አይቀርም። አስረጂው «በአሁን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም፤ ሁለቱን አቀናጅቶ መተው ነው» ብሎ በአማርኛ ቢነግረው ፍለጋው ያበቃል።

ማብራሪያው በሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ካለቀ በኋላ አማርኛው መዘጋት አለበት። አስረጂው ወዲያው «ማ ካራታ?» (ምን አነበብክ?) ብሎ ይጠይቅ፤ ተማሪው ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ጋዜጣው በዕብራይስጥ ይመልስ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚስቱት፤ ማብራሪያው ወደ ጨዋታ ይሰፋና ሰዓቱ በአማርኛ ያልቃል። ምልክቱም ግልጽ ነው። ተማሪው የ«ኤት»ን ሕግ አሳምሮ ይናገራል፤ ሲጠየቅ ግን «ካራቲ ሃሴፌር» ይላል፣ ወይም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልቡ በአማርኛ ካልሠራ አይናገርም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ሌላ ማብራሪያ መጨመር አይጠቅመውም። በዚያችው ሕግ ላይ ዕቃውን ብቻ እየቀያየሩ፣ ሳያስብ እስኪመልስ ድረስ በዕብራይስጥ መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው።