የተመልካች ቁጥር ያልነገራት

የ13 ዓመቷ አሜሪካዊት ሬቤካ ብላክ የመጀመሪያ የሙዚቃ ቪዲዮዋ «ፍራይደይ» በየካቲት ወር 2003 ዓ.ም. ዩቲዩብ ላይ ተጫነ። ለአንድ ወር ያህል ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በመጋቢት መጀመሪያ ግን ቀልደኞች ተሳለቁበትና በጥቂት ቀናት ሚሊዮኖች አዩት።

ይህ የሆነው የተመልካች ቁጥር አድናቆትንና ፌዝን ስለማይለይ ነው። ወዶ የከፈተውም፣ ሊስቅ የከፈተውም፣ ለጓደኛው «ይህን ጉድ እይ» ብሎ የላከውም እኩል ይቆጠራል። ብዙ ሰው በተነጋገረበት መጠንም ቪዲዮው ወደ ሌሎች ይደርሳል።

ታዳጊዋን ግራ ያጋባትም ይኸው ነበር። በአንድ በኩል የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይጋብዟታል፤ በሌላ በኩል ስድቡን አንብባ ታለቅሳለች። የግድያ ዛቻ ደርሷት ፖሊስ መርምሯል፤ የትምህርት ቤት ፌዝ ስለበረታባትም ትምህርቷን በቤቷ ለመከታተል ተገዳለች።

ሬቤካ ዘፋኝነቱን አልተወችም፤ በ10ኛ ዓመቱም ያንኑ ዘፈን በአዲስ ቅንብር አቀረበችው። የልጁ ቪዲዮ በድንገት የተሰራጨበት ወላጅም ከቁጥሩ አስቀድሞ ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ማንበብ ይኖርበታል። ልጁን የሚያገኘው ቁጥሩ ሳይሆን ቃሉ ነውና።