“ቢሮ የለሁም” የሚለው ኢሜይል ለማን ይመልሳል?

አርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው እንበል። በአንድ አስመጪ ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ኃላፊ ለሥራ ጉዳይ ወደ ዱባይ ልትበር ነው። ከመውጣቷ በፊት ሁለት ነገር አደረገች። ፕሪንተሩ ስላስቸገራት ለአይቲ ክፍሉ የጥገና አድራሻ አጭር ኢሜይል ጻፈች። ቀጥላም ለሚደርሳት መልእክት ሁሉ “እስከ ሐሙስ ቢሮ የለሁም” ብሎ የሚመልስ ትእዛዝ ኢሜይሏ ላይ አዘጋጀች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ዘግታ ሄደች።

የጥገናውን አድራሻ የሚያነበው ሰው አይደለም። ፕሮግራም ነው። ለደረሰው ኢሜይል ሁሉ ቁጥር ይሰጥና “ጥያቄዎ ደርሶናል” ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ወደ ኃላፊዋ ሳጥን ሲገባ የእሷ ትእዛዝ “ቢሮ የለሁም” አለው። ፕሮግራሙ ይህንንም አዲስ ጥያቄ አድርጎ ተቀበለው፤ ሌላ ቁጥር ሰጠውና “ደርሶናል” አለ። እሷ ዘንድም እንደገና “ቢሮ የለሁም” ተባለ።

አንዱ ዙር 30 ሴኮንድ ቢፈጅ በሰዓት 120 ዙር ይሆናል፤ በየዙሩ ሁለት ኢሜይል ስላለ በሰዓት 240 ኢሜይል ማለት ነው። ከአርብ 11 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ 63 ሰዓት አለ። የሚያቆመው ከሌለ ሰኞ ሥራ ሲጀመር 15,120 ኢሜይል ተመላልሷል። ግማሹ፣ ማለትም 7,560ው፣ አይቲ ክፍሉ ዘንድ እንደ ጥገና ጥያቄ ተመዝግቧል። ቅዳሜ ዕለት ኔትወርክ የተቋረጠበት የሌላ ሠራተኛ እውነተኛ አቤቱታ ከእነዚህ መካከል የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሳጥኗ በመሃል ከሞላ ደግሞ ከባንክና ከአቅራቢ የሚመጡ ደብዳቤዎች ወደ ላኪዎቻቸው ይመለሳሉ።

ይህ ችግር የኢሜይልን ያህል አሮጌ ነው፤ መፍትሔውም እንዲሁ። በ1980ዎቹ ኤሪክ አልማን vacation የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ መልስ የሰጣቸውን ሰዎች አድራሻ መዝግቦ ይይዛል፤ ያው ሰው በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ቢጽፍ ዝም ይላል። በ2004 የወጣው RFC 3834 የተባለው የቴክኒክ ሰነድም ይህንኑ ልማድ በጽሑፍ አጸናው። ቢሮ አለመኖርን የሚገልጽ መልስ ለአንድ ላኪ በ7 ቀን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይላክ ይመክራል። በማሽን የተጻፈ መልስም አንባቢ የማያየው የኢሜይሉ ራስጌ ላይ ይህንን መስመር እንዲይዝ ይጠይቃል፦

```
Auto-Submitted: auto-replied
```

መስመሩ ለሌላ ማሽን የተጻፈ ነው። “እኔም ማሽን ነኝ፤ መልስ አትስጠኝ” ማለቱ ነው። ሁለቱም ወገን ይህን ቢያከብር ኖሮ የአርቡ ዙሪት ገና ሳይጀምር ይቆም ነበር።

ታዲያ ዛሬም ለምን ይከሰታል? በጂሜይልም ሆነ በአውትሉክ ለዕረፍት ተብሎ የተሠራው መልስ ሰጪ ይህን ልማድ ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ጂሜይል ለአንድ ሰው መልሶ የሚመልሰው ያ ሰው ከ4 ቀን በኋላ እንደገና ከጻፈ ነው። ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የማይክሮሶፍት ሰርቨርም መልሱ በርቶ እስካለ ድረስ ለአንድ ላኪ አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሳል። አደጋው የሚመጣው ሰው ይህን ትቶ በ Rules በኩል “ለሚመጣ ሁሉ ይህን መልስ” የሚል ትእዛዝ በእጁ ሲሠራ ነው። ኃላፊዋ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለማን እንደመለሰ ላያስታውስ ይችላል። ሌላው ምክንያት በጥገና ክፍሉ በኩል ያለ ነው። አንዳንድ የጉዳይ መቀበያ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተለየ የመላኪያ አድራሻ ይፈጥራሉ። ያኔ በደንብ የተሠራው መልስ ሰጪ እንኳ ይታለላል፤ በየዙሩ አዲስ ሰው የጻፈ ይመስለዋልና።

ሰርቨሮች ደብዳቤ ሲዞር የሚያውቁበት ሌላ ዘዴ አላቸው። ኢሜይል ባለፈበት ሰርቨር ሁሉ ራስጌው ላይ Received የሚል ማህተም ይመታበታል፤ ማህተሙ ሲበዛ ሰርቨሩ አልቀበልም ይላል። ከአንዱ አድራሻ ወደ ሌላው ዝም ብሎ የሚተላለፍ ደብዳቤ በዚህ ይያዛል። አውቶማቲክ መልስ ግን በየጊዜው አዲስ የተጻፈ ደብዳቤ ስለሆነ ቆጠራው ሁልጊዜ ከአንድ ይጀምራል። ለዚህ ነው ዙሪቱ ማንም ሳያስቆመው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሊሄድ የሚችለው።

ዙሪት መኖሩ የሚታወቀው በርዕሱ ነው። Re: Automatic reply: Re: እያለ የሚረዝም ርዕስ፣ በእኩል ጊዜ ልዩነት ከአንድ አድራሻ የሚደርስ ተመሳሳይ ጽሑፍ፣ የማያውቁት ደብዳቤ የተከማቸበት የተላኩ መልእክቶች ሳጥን ካዩ ዙሪት ውስጥ ነዎት። “እባካችሁ አቁሙ” ብሎ መጻፍ አንድ ተጨማሪ ዙር ከመጀመር ሌላ ጥቅም የለውም። ከሁለቱ ማሽኖች አንዱን ማጥፋት ይበቃል፤ የራስዎን ያጥፉ። ካጠፉ በኋላም በመንገድ ላይ የነበሩት ጥቂት ደብዳቤዎች እስኪደርሱ ለአጭር ጊዜ መምጣታቸው አይቀርም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ድምፅ የሌለው ጉዳት ነው። የኃላፊዋን መልስ ሙሉውን እናንብበው፦ “እስከ ሐሙስ ለኤግዚቢሽን ዱባይ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ስልኬ አይሠራም። ለአቅራቢዎች ክፍያ ጉዳይ ምክትሌን በዚህ ኢሜይልና በዚህ የሞባይል ቁጥር ያግኙ።” ከሥሩ ሙሉ ስሟ፣ የሥራ መደቧ፣ የራሷ ስልክና የድርጅቱ አርማ አለ። ለደንበኛ ጨዋና አሳቢ መልስ ነው፤ ሰዎችም እንዲህ የሚጽፉት ለሥራቸው ስለሚጨነቁ ነው። ነገር ግን መልሱ የጠየቀውን ሰው ማንነት አያውቅም። በሺህ ለሚቆጠሩ አድራሻዎች “ፕሮፎርማ እንፈልጋለን” የሚል ባዶ ኢሜይል የሚበትን ሌባም ልክ ያንኑ ያገኛል።

ሌባው ከእያንዳንዱ መስመር የሚያገኘው ነገር አለ። በመጀመሪያ አድራሻው ሕያው መሆኑን አወቀ። ቀጥሎ ክፍያ የሚያንቀሳቅሰው ሰው እስከ ሐሙስ ማን እንደሆነ፣ በምን ስልክ እንደሚገኝም ተነገረው። የአለቃዋን ፊርማ እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ ይችላል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ግን “ስልኬ አይሠራም” የሚለውን ነው። ሌባው ከድርጅቱ ስም በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ አድራሻ ከፍቶ ለምክትሏ ይጽፋል፦ “ዱባይ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ መደወል አልችልም። አቅራቢው የባንክ ሒሳቡን ቀይሯል፤ ክፍያው ዛሬ በአዲሱ ይግባ።” ምክትሏ ደውላ ብታረጋግጥ ኖሮ ማጭበርበሩ በአንድ ደቂቃ ይከሽፍ ነበር። ነገር ግን አለቃዋ ራሷ እንደማትገኝ ለዓለም አስታውቃለች። ዱባይ መሆኗንም ምክትሏ ስለምታውቅ ደብዳቤው እውነት ይመስላታል።

ይህ ዓይነቱ የቢሮ ኢሜይልን መሠረት ያደረገ ማጭበርበር ትንሽ ወንጀል አይደለም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል በ2023 ብቻ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ በዚህ ስም መዝግቧል። ከውጭ አቅራቢ ጋር በፕሮፎርማና በባንክ ዝውውር ለሚሠራ አስመጪ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ገንዘቡ አንዴ ወደ ሌላ አገር ከሄደ ማስመለሱ ከባድ ነው።

ሁለቱም ጉዳቶች፣ ዙሪቱም ስርቆቱም፣ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፤ መልሱ ለማንም ይመልሳል። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት መስተካከል ያለበት ተቀባዩ ነው። በአውትሉክ File ከዚያ Automatic Replies ሲከፍቱ Inside My Organization እና Outside My Organization የሚሉ ሁለት ገጾች ይመጣሉ። ሁለቱ ላይ አንድ ጽሑፍ መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የውስጡ ለባልደረቦች ስለሆነ ተተኪውን በስም ሊጠራ ይችላል። የውጪውን ገጽ ከተቻለ ጨርሶ ያጥፉት፤ ደንበኞች መልስ የግድ የሚሹ ከሆነ My Contacts only የሚለውን ይምረጡ። በጂሜይል ደግሞ See all settings ውስጥ General በሚለው ገጽ ግርጌ አካባቢ Vacation responder አለ። እዚያም መልሱ በአድራሻ መዝገብዎ ላሉ ሰዎች ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ ምርጫ ያገኛሉ፤ ምልክት ያድርጉበት። በሁለቱም ዘንድ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን ይሙሉ። ተመልሰው ከገቡ በኋላም በርቶ የቀረ መልስ ለሌላ ሳምንት ሲሠራ ይቆያል። በ Rules የሠሩት አሮጌ ትእዛዝ ካለ ያጥፉት።

ለውጪ ሰው የሚላከው ጽሑፍ አጭር ይሁን፦ “ስለጻፉልን እናመሰግናለን። መልሴ ሊዘገይ ይችላል። አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎት እባክዎ በድርጅቱ ዋና ስልክ ይደውሉ።” የት እንዳሉ፣ ለምን እንደሄዱ፣ ማን እንደተካዎት፣ ስልክዎ መዘጋቱ አይጻፍ። የሚጠቀሰው ቁጥር የአንድ ሰው ሞባይል ሳይሆን ድርጅቱ ራሱ በይፋ ያወጣው ይሁን፤ እሱ ለሌባ አዲስ ነገር አይነግረውም። የኢሜይሉ ፊርማ አብሮ እንደሚሄድና እንደማይሄድም ይዩ።

ይህን ለማየት ከመሄድዎ በፊት ከግል ኢሜይልዎ ወደ ሥራው አድራሻ ይጻፉ። ለታወቁ አድራሻዎች ብቻ ብለው ከወሰኑትና የግል አድራሻዎ በመዝገቡ ከሌለ፣ ምንም መልስ መምጣት የለበትም። ከመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል። ሁለተኛ ደብዳቤ ደግሞ ከሥራ ባልደረባዎ አድራሻ ያስልኩ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይድገሙት። ለሁለተኛውም መልስ ከሰጠ ማስታወሻ የማይይዝ ትእዛዝ እየሠራ ነውና ለአይቲ ክፍል ይንገሩ።

በእርግጥ ማስተካከያው ሁሉን አይዘጋም። የአንድ አቅራቢ ኢሜይል ተሰርቆ ከሆነ ሌባው ከታወቀ አድራሻ ይጽፋል፤ መልሱም ይደርሰዋል። ስለዚህ ኃላፊዋ ከመብረሯ በፊት ምክትሏን ፊት ለፊት አግኝታ የምትነግራት ነገር አለ፦ የባንክ ሒሳብ ተቀይሯል የሚል ኢሜይል በማንም ስም ቢመጣ፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ሳይሆን በአሮጌው ውል ላይ በተጻፈው ስልክ አቅራቢው ይደወልለት፤ እስኪረጋገጥም ክፍያው ይቆይ።