ሳሉን የሚያውቀው ወረቀት የት ቀረ?

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ለወራት ሲስሉ ከረሙ። ሳሉ ደረቅ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይብስባቸዋል። ዝንጅብል በማር ጠጡ፣ የሳል ሽሮፕ ቀያየሩ፣ በመጨረሻም ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሌላቸውን አክታ አምጡ ተባሉ፤ ራጅም ተነሡ። ምንም አልተገኘም። አንድ ቀን የደም ግፊት ኪኒናቸውን እንድገዛላቸው ላኩኝ። ፋርማሲስቷ ከካርቶኑ ስትሪፕ መዝዛ በትንሽ ፖስታ ስትሰጠኝ፣ ታጥፎ የቀረውን ወረቀት ለመንኳት። መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ነው። ‹በጣም የተለመዱ› ከተባሉት የጎንዮሽ ጉዳቶች መካከል ሳል ተጽፏል።

ወረቀቱ ለምን እሳቸው ጋ እንዳልደረሰ ፋርማሲስቷን ጠየቅኋት። ሥራው ላይ ብዙ ዘመን የቆየች ሴት ናት፤ አንደበቷ ስለት አለው። «ካርቶኑ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፣ ገዢው ሦስት። ለየትኛው ልስጠው?» አለችኝ። «ደግሞም በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም የጤፍ ፍሬ ነው። የሚያነበውም ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይደነግጥና ኪኒናውን ይተወዋል።»

ከዚህ በኋላ ነው የኢናላፕሪልን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት፤ እዚያም እባብ አገኘሁ። ጃራራካ የሚባለው የብራዚል እባብ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ ክፉኛ ይወርዳል። ሰርጂዮ ፌሬይራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መርዙን ሲመረምር፣ ብራዲካይኒን የተባለውን ደም ሥር የሚያሰፋ የሰውነት ንጥረ ነገር የሚያበረታ ነገር በውስጡ አገኘ። ከዚያ ፍንጭ ተነሥቶ ካፕቶፕሪል ተሠራ፤ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ነው።

ሳሉም የሚመጣው ከዚያው ነው። ሰውነታችን ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ በአንድ በኩል ደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር ያዘጋጃል፣ በሌላ በኩል ብራዲካይኒንን ይሰብራል። ኪኒናው ኢንዛይሙን ሲያግደው ደም ሥሩ ይላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል፤ ያልተሰበረው ብራዲካይኒን ግን ይከማችና የአየር ቧንቧን ይቆረቁራል ተብሎ ይታመናል። ለዚህ ሳል ሽሮፕ መፍትሔ አይደለም። የጎረቤቴ ሐኪም መድኃኒቱን በሎሳርታን ሲቀይሩላቸው ሳሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠፋ።

ወረቀቱን የሚያነብ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደግሞ የዝርዝሩ አደራደር ላይ ነው። ዝርዝሩ የተደረደረው እንደ ድግግሞሹ እንጂ እንደ አደጋው አይደለም። ‹በጣም የተለመደ› ሲል ከ10 ሰው አንድ ወይም ከዚያ በላይ ያገኘዋል ማለት ነው፤ ‹የተለመደ› ከ100 ሰው ከአንድ እስከ አሥር፤ ‹እምብዛም› የሚለው ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ሳሉ ከላይ ቢቀመጥም አይገድልም። የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ እብጠት ግን ከ1,000 ሰው ጥቂቶችን ብቻ ቢያገኝም ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ከነጮች ይልቅ ጥቁሮችን እንደሚያጠቃም ይታወቃል፤ ስለዚህ ይህን መስመር እኛ ልንዘለው አይገባም። መድኃኒቱን ለዓመታት ሲወስድ የኖረ ሰውም ላይ ሊመጣ ይችላል።

«አንዷ ደንበኛዬ ከንፈሯ ተነፍቶ መጣች» አለች ፋርማሲስቷ። «ንብ ነድፋኝ ይሆናል ትላለች። ጠዋት ምን ዋጥሽ አልኳት። የግፊት ኪኒን አለችኝ። ሱቁን ለልጁ ጥዬ ራሴ ታክሲ አስገባኋት።» እንዲህ ያበጠ ሰው ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፤ ኢናላፕሪልንም ሆነ ዘመዶቹን ካፕቶፕሪልንና ሊሲኖፕሪልን ዳግመኛ አይወስድም።

ሌሎቹ ማስጠንቀቂያዎች ባጭሩ ሊነገሩ ይችላሉ። መድኃኒቱ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፤ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ትንገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ሊያዞር ስለሚችል ከአልጋ ቀስ ብሎ መነሣት ነው። ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ደግሞ ግፊቱን መልሶ ያወጣዋል፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ከተጨመረ ኩላሊት ይጎዳል። ሽንት ከቀነሰ፣ እግር ካበጠ ምልክቱ ነው።

በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ለምን አብሮ እንደማይወጣ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊን ጠይቄ ነበር። በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ፤ አቀረብኩ። ይህ እስከታተመ ድረስ መልስ አልመጣም።

እስከዚያው ፖስታውን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛውን ልታገሠው? የትኛው ሲመጣ ሐኪም ቤት ልመለስ? የትኛው ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ልሩጥ? መልሱንም ፖስታው ላይ በአማርኛ ይጻፍላችሁ።