ግዴታው የማን ነው?

የሥነ ዜጋ መጽሐፍ የከፈተ ሰው ከሚከተለው ጋር የሚመሳሰል አንቀጽ ማግኘቱ አይቀርም። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አልገለበጥኩትም፤ ለውይይት እንዲመች በዚያው ለዛ የጻፍኩት ነው። «(1) መብትና ግዴታ የማይነጣጠሉ ናቸው። (2) እያንዳንዱ መብት የራሱ ግዴታ አለው። (3) ስለዚህ ግዴታውን የማይወጣ ዜጋ መብቴ ይከበርልኝ ሊል አይችልም። (4) በመሆኑም ጥሩ ዜጋ ከመብቱ ይልቅ ግዴታውን ያስቀድማል።»

ተማሪ ይህን አንብቦ ራሱን ይነቀንቅና ያልፋል። ፈተና ላይ «እውነት ወይም ሐሰት» ተብሎ ቢመጣለት አራቱንም «እውነት» ይላል፤ ያርምለታልም። ይሁን እንጂ ከአራቱ አንዱ፣ በጽሑፉ እንደ ተቀመጠ ከተወሰደ፣ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል። ይህን መምህሩ ራሱ ቢናገረው ተማሪው አንድ ተጨማሪ ነገር ሸምድዶ ይሄዳል። በጥያቄ ካገኘው ግን ሌላውንም ጽሑፍ በዚያው ዓይን ማንበብ ይጀምራል።

በሶቅራጥስ ስም የሚጠራው የሴሚናር ውይይት የተዘጋጀው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሞርቲመር አድለር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው የትምህርት ማሻሻያ ሐሳብ ማስተማርን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ዕውቀት ማስተላለፍ፣ ሁለተኛው ክህሎት ማለማመድ ሲሆን፣ ሦስተኛው አንድን ጽሑፍ በጥያቄ እየፈተሹ መረዳትን ማስፋት ነው። ሴሚናሩ የሚመደበው በዚህ በሦስተኛው ውስጥ ነው። አካሄዱ ቀላል ነው። ጽሑፉ አጭር ይሆናል፤ ተናጋሪው «ሦስተኛው ላይ» እያለ እንዲጠቁም ዓረፍተ ነገሮቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ወንበሮቹ በክብ ይደረደራሉ። ክፍሉ ሃምሳና ስልሳ ተማሪ የታጨቀበት ከሆነ አሥራ አምስት ያህሉ በውስጠኛው ክብ ተቀምጠው ይወያያሉ። የቀሩት ከኋላቸው ሆነው ማን ከጽሑፉ ማስረጃ እንዳቀረበ፣ ማን ሐሳቡን እንደ ለወጠ ይመዘግባሉ። በመሀል ቦታ ይለዋወጣሉ። መምህሩ ይጠይቃል እንጂ አይመልስም። የሴሚናር ውይይት ክርክርም አይደለም፤ የሚረታ ቡድን የለውም፤ የሚመረመረው ጽሑፉ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ማንንም የማያስደነግጥ መሆን አለበት፤ «ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ‹ስለዚህ› ብሎ ይጀምራል። በምን ላይ ተመሥርቶ ነው እዚህ የደረሰው?» የሚል ዓይነት። ተማሪዎቹ ወደ ላይ ተመልሰው ያነባሉ። አንዱ «ከሁለተኛው ነው ቲቸር» ይላል፤ ሌላዋ «ከሁለቱም ነው» ትላለች። ጽሑፉ መነሻና መደምደሚያ እንዳለው ያዩት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ለእነሱ ጎን ለጎን የተቀመጡ አራት መልካም ምክሮች ነበሩ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ አሥር ደቂቃ ቢወስድም ይውሰድ። መነሻውን ያልለየ ተማሪ በኋላ የሚያነሳው ተቃውሞ የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ የውይይቱ እምብርት ነው። «እያንዳንዱ መብት የራሱ ግዴታ አለው ሲባል፣ ግዴታው ያለበት ማን ነው?» አብዛኛው ተማሪ «መብቱ ያለው ሰው ነዋ!» ይላል። መምህሩ «ትክክል አይደለም» ሳይል አንድ ጉዳይ ያቀርባል። አልማዝ ለከበደ አምስት መቶ ብር አበደረችው፤ የመክፈያው ቀን ደረሰ። መብት ያላት ማን ናት? አልማዝ። ከዚህ መብት ጋር የማይነጣጠለው ግዴታስ በማን ላይ ነው? በከበደ። አልማዝ ገንዘቧን ለማስመለስ የምትወጣው ግዴታ የለባትም። አሁን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንደገና እናንብበው። በዚህ ትርጉም ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው፤ የእኔ መብት በሌላው ላይ ግዴታ ይጥላል። የስምንት ዓመት ልጅ የመማር መብት በወላጇና በመንግሥት ላይ ግዴታ ይሆናል። ያለ ፍርድ ያለመታሰር መብት ደግሞ በፖሊሱ ላይ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የሚያወራው ግን ስለዚህ ግዴታ አይደለም። «ግዴታውን የማይወጣ ዜጋ» ሲል ሸክሙን ከከበደ ላይ አንስቶ በአልማዝ ላይ ጭኖታል። በሁለተኛው ላይ ግዴታው የሌላው ሰው ነበር፤ በሦስተኛው ላይ የባለመብቱ ሆነ። «ስለዚህ» የሚለው መሸጋገሪያ ይህን ለውጥ ሸፍኖት አለፈ። የሕግ ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን መደበላለቅ ቀደም ብለው ለይተውታል። አሜሪካዊው የሕግ መምህር ዌስሊ ሆፌልድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ሰው በሌላው ላይ ያለው መብት የዚያኛው ሰው ግዴታ ሌላ ገጽ መሆኑን አሳይቷል። ተማሪው የሆፌልድን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ በአምስት መቶ ብሩ እዚያው ይደርሳል።

ሦስተኛው ደረጃ ትርጉሙን በተቃራኒ ምሳሌ መፈተን ነው። የሶቅራጥስ ዋና መሣሪያም ይህ ነበር። በፕላቶ «ሪፐብሊክ» የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሽማግሌው ኬፋሎስ በተናገረው መነሻነት፣ ፍትሕ ማለት እውነት መናገርና የተበደሩትን መመለስ ነው የሚል ትርጉም ይቀርባል። ሶቅራጥስ በአንድ ጥያቄ ያናውጠዋል፤ ወዳጅህ በደኅና ቀን መሣሪያ አደራ ሰጥቶህ አእምሮው ከታወከ በኋላ መልስልኝ ቢልህ ትመልስለታለህ? የእኛም ጥያቄ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ «ምንም ግዴታ ሊወጣ የማይችል፣ ሆኖም መብት ያለው ሰው አለ?» ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው «ሕፃን» ይላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ለሕፃን በሕይወት የመኖር፣ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት ይሰጣል። ትናንት የተወለደ ልጅ የተወጣው ግዴታ የለም።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ አይረታም፤ ጽሑፉን ይጠግነዋል። «ሕፃን አቅም ስለሌለው ነው። ግዴታውን መወጣት እየቻለ እንቢ ያለ ሰው ብለን እናስተካክለው።» ይህ ጥሩ ጥገና ነው፤ መምህሩም በአክብሮት ሰሌዳው ላይ ሊጽፈው ይገባል። ቀጥሎ የተጠገነውን ይፈትኑታል። አንድ ነጋዴ ግብር መክፈል እየቻለ ደብቋል። ተይዟል፤ ተፈርዶበታል። ግዴታውን አውቆ ያልተወጣ ሰው ነው። በእስር ቤት ቢደበደብ አቤት የማለት መብት የለውም? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ የተፈረደበትም ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ይደነግጋል። አንቀጽ 18 የጭካኔና የኢሰብዓዊ አያያዝ ክልከላ ነው። በአንቀጽ 93 መሠረት ደግሞ ይህ ክልከላ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊገደብ ከማይችሉት ጥቂት ድንጋጌዎች አንዱ ነው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ መምህራን እዚህ ሲደርሱ ድል ያደረጉ ይመስላቸውና ያቆማሉ። ቀጣዩ ጥያቄ ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ «ታዲያ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆንበት መብት አለ?» አለ። የጡረታ አበል የሚገኘው በአገልግሎትና በመዋጮ ነው። መንጃ ፈቃድ ፈተና አልፎ ደንብ ለሚያከብር የሚሰጥ ሲሆን ሊነጠቅም ይችላል። ግብር የደበቀው ነጋዴም ቢሆን በፍርድ ነፃነቱን አጥቷል፤ ያላጣው ያለመደብደብ መብቱን ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ዝርዝር ማውጣት ይጀምራሉ፤ በአንዱ በኩል በሰውነት ብቻ የሚገኙት፣ በሌላው በኩል በሥራ፣ በስምምነት ወይም በፈቃድ የሚገኙት። የመምረጥ መብት የት ይግባ ሲባል ይጣላሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ አሥራ ስምንት ዓመት መሙላትን ይጠይቃል እንጂ የተወጡትን ግዴታ አይጠይቅም። ጠቡ የሚጠቅም ጠብ ስለሆነ ቢቆይ ችግር የለውም።

ለጽሑፉም ፍትሕ ያስፈልገዋል። የደካማውን ዓረፍተ ነገር ገመና አውጥቶ መሳቅ ቀላል ነው፤ ሶቅራጥሳዊ ግን አይደለም። ስለዚህ «ጸሐፊው ሊል የፈለገው ትክክለኛ ነገር ምን ነበር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1981 የጸደቀው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ከአንቀጽ 27 እስከ 29 የግለሰብን ግዴታዎች ይዘረዝራል፤ ለቤተሰብ፣ ለኅብረተሰብ፣ ለአገር፣ ግብር መክፈልንም ጨምሮ። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 29 ሰው ለማኅበረሰቡ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱም ሰነዶች ግዴታን ከመብት ጎን አስቀምጠዋል፤ የመብት መግቢያ ትኬት ግን አላደረጉትም። ራሱ ሶቅራጥስ በዚህ ጉዳይ ቀላል ምስክር አይደለም። ፕላቶ «ክሪቶ» ላይ ባቀረበው መሠረት ከእስር ቤት አላመልጥም፣ የአቴናን ሕግ ማክበር አለብኝ ይላል፤ ለአራተኛው ዓረፍተ ነገር የቆመ ይመስላል። በ«አፖሎጂ» ደግሞ መጠየቄን እንዳቆም ብታዙኝ አልታዘዝም ብሎ ለዳኞቹ በግልጽ ይነግራቸዋል። ጊዜ የተረፈው ክፍል አራተኛውን ዓረፍተ ነገር በዚህ ይፈትነው።

ውይይቱ ሲበላሽ ምልክቱ ቶሎ ይታያል። ተማሪዎቹ ሲናገሩ እርስ በርስ ሳይሆን መምህሩን ካዩ፣ መምህሩ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ጎበዝ» ወይም «እርግጠኛ ነህ?» እያለ እየመራቸው ነው ማለት ነው። «ታራሚ መደብደቡ ልክ ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ለብሶ የመጣ ትእዛዝ ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ማንም የዓረፍተ ነገር ቁጥር ካልጠራ ደግሞ ወሬው ከጽሑፉ ወጥቶ ወደ ሰፈር ፖለቲካ ገብቷል፤ «ይህ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ይነካል?» ብሎ መመለስ ነው። ዝምታን መፍራትም ሌላው ችግር ነው። ከከባድ ጥያቄ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ጸጥታ ቢሆን መምህሩ ሊሞላው አይገባም።

በመጨረሻ ተማሪው ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል እንደገና ጽፎ ያስረክባል፤ የሚታረመውም ይህ ነው። «አንዳንድ መብቶች በግዴታ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ በሰውነት የተገኙት ግን አይደሉም» ብሎ የጻፈ ልጅ ከመጽሐፉ የተሻለ ጽፏል። መምህር የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ለመሞከር አዲስ መጽሐፍ አትጠብቁ። በእጃችሁ ካለው ላይ «ስለዚህ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበትን አንድ አንቀጽ ምረጡ፤ ቁጥር ስጡትና ወንበሮቹን አዙሩ።